መቅኒዬ እየፈሰሰ መስሎኝ

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመንዝ መጥቼ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ የገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከሁለት የሀገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው ውስጥ በዕድሜ ከእኛ ከፍ የሚል አንድ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነው የምንለው። ማታ ማታ በሩ ላይ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል፣ እኛም የገብስ ቆሏችንን ይዘን እንሰበሰባለን፣ ወሬ ይመጣል። አንድ ቀን ወሬው ወደ ወንድ ልጅ ጉዳይ ሄደ።

«የወንድ ዘር ማለት መቅኒ ነው» አለን። «አንዷ ጠብታ ከአርባ ጠብታ ደም ነው የምትወጣው። እሱን ያፈሰሰ ሰው ወገቡ ይቆረጣል፣ አይኑ ይፈዛል፣ ሲያገባም ልጅ አይወልድም።»

ክፋት አልነበረበትም። እሱም ከሰው የሰማውን ነው ያስተላለፈልን፤ ጓደኞቼ ሰምተው ገብተው ተኙ። እኔ ግን አልተኛሁም። ምክንያቱም ህልመ ሌሊት በወር ሁለት ሦስቴ ይመታኛል። ግለ ወሲብም፣ ልጆቹ ሴጋ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ እፈጽማለሁ። ይህን ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባናዬን ተከናንቤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለመቁጠር ሞከርኩ፣ አቃተኝ፣ በቃ አልቄያለሁ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ጀርባ ላይ በእርሳስ መስመር ማስመር ያዝኩ። በህልም ይሁን በእጅ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። መስመሩ እንዳይበዛ ደግሞ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ጠግቦ የተኛ ሰው ህልመ ሌሊት ይበዛበታል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ራት መብላት ተውኩ። ፊኛ ከሞላ ያመጣል ስላሉኝ ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም። ሙቀት ነው ብዬ ባናውን አስቀምጬ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፌ ተኛሁ፣ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ህልሙ ወደ ንጋት ነው የሚመጣው ብዬ የስልኬን አላርም ለሌሊቱ 9 ሰዓት ሞልቼ እነሳለሁ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ እንቅልፍ የለም።

በአራት ወር ውስጥ ከ58 ኪሎ ወደ 51 ወረድኩ። ወገቤ ይጠዘጥዘኛል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ይደበዝዝብኛል። አያችሁ፣ ጋሼ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ እየደረሰብኝ ነው። ወገብ አለ፣ ወገቤ። አይን አለ፣ አይኔ። ስለዚህ ይበልጥ አመንኩ፣ ይበልጥ ስለፈራሁ ደግሞ ጭራሽ ምሳንም መቀነስ ጀመርኩ።

የቀረውን ጥርጣሬዬን የጨረሰው ግን ሽንት ቤት ያየሁት ነው። ሆዴ ድርቅ ብሎ ስለነበር አምጬ ስቀመጥ ከብልቴ ጫፍ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ፣ የሚሳብ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ወጣ። አያቃጥልም፣ አያምም። ስሜት የለኝ፣ ህልም የለኝ፣ ዝም ብሎ ነው የወጣው። አሁንስ ቧንቧው ተበሳ አልኩ። መቅኒዬ በራሱ ጊዜ እየፈሰሰ ነው።

ከዚያ ገንዘብ ማውጣት ጀመርኩ። ገበያ ውስጥ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ግራጫ ዱቄት በማር ቀላቅለህ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድህ ዋጥ ብሎ ሰጠኝ፤ ሦስት ቀን አስመለሰኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ምንም ሳይመረምረኝ ዘር የሚያጠነክር ነው ብሎ አምስት ቀን መርፌ ወጋኝ። ቤተሰብ ለቤት ኪራይ የላከልኝ ብር እዚያ ነው የቀረው። ምን እንደተወጋሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ይህ ያናድደኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ጎረምሳ አፍሮ እንደማይከራከር፣ ለሰው ነግሮ እንደማያሳጣቸው ያውቃሉ።

በመጨረሻ አንደኛው ጓደኛዬ ነው እየጎተተ ጤና ጣቢያ የወሰደኝ። እሱ የመሰለው ሳንባ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወጣት ጤና መኮንን ነበር። ዶክተር አልኩት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው። መጀመሪያ ስለ ወገቤ ብቻ አወራሁ። እሱ ዝም ብሎ ሰማኝና ጓደኛዬን ውጭ ጠብቅ አለው። በሩን ዘጋና «ሌላስ?» አለኝ።

ደብተሩን አውጥቼ ሰጠሁት። አልሳቀም። መስመሮቹን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠራቸው። በአራት ወር 41 ሆኑ።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ሳል አለህ ወይ፣ ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠማሃል፣ ሽንት ይበዛብሃል ወይ፣ ከሴት ጋር ያለ ኮንዶም ተገናኝተህ ታውቃለህ ወይ፣ ስትሸና ያቃጥልሃል ወይ፣ ደም አይተሃል ወይ። ሁሉንም የለም አልኩ። ቆለጤን ጭምር ተኝቼ መረመረኝ። ሽንትና ደም ላከኝ፤ የደም ማነስ፣ ስኳርና ኤችአይቪ ጭምር። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ሽንቱ ንጹህ። ስኳሩ ደህና። ኤችአይቪ የለም። ሄሞግሎቢን 15።

«ቁጭ በል፣ አሁን አብረን እናስላው» አለኝ።

ከካርቶን አዲስ ሲሪንጅ አውጥቶ ከጠርሙስ ውሃ 3 ሲሲ ሳበና የመድኃኒት መስጫ ክዳን ላይ ጨመቀው። የክዳኑን ታች እንኳን በቅጡ አልሸፈነውም። አንድ ጊዜ የሚወጣው የዘር ፈሳሽ በአብዛኛው ከአንድ ሲሲ ተኩል እስከ 5 ሲሲ ነው አለኝ፣ እንግዲህ መካከሉን ብንይዝ ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ሲሲ ሃያ ጠብታ ያህል ይሆናል። 3 ሲሲ 60 ጠብታ ነው። «የአንተ ጋሼ እንዳለው በአርባ እናባዛው» አለና 2400 ብሎ ጻፈ። 2400 ጠብታ ደም 120 ሲሲ ነው። እሱን በ41 መስመሬ አባዛው። 4 ሺህ 920 ሲሲ መጣ።

«የአንተን ክብደት በሚያህል ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም በሙሉ አራት ሊትር ምናምን ነው» አለኝ። «ነገሩ እውነት ቢሆን አንዲት ጠብታ አትቀርህም ነበር። ደምህ ግን ይኸው 15 ነው። የደም ማነስ እንኳን የለብህም።»

ያን ወረቀት ዛሬም አለኝ። ብዙ ሰው መክሮኝ ያውቃል፣ አይዞህ ያለኝም አለ። የሰማሁትን ውሸት በራሱ ቁጥር ያፈረሰልኝ ግን ያ ስሌት ብቻ ነው።

መቅኒ የተባለውንም አስረዳኝ። መቅኒ አጥንት ውስጥ ነው ያለው፣ ሥራው ደም መሥራት ነው፣ ከብልት ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ የለም። የዘር ፈሳሽ አብዛኛው ከፊኛ ጀርባ ካሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ነው የሚመጣው፣ ቀሪው ባመዛኙ ከፊኛ ስር ካለው ፕሮስቴት ከሚባለው እጢ። ከቆለጥ የሚመጣው ስፐርም በመጠን ከመቶ አምስት እንኳን አይሞላም። የቀረው ውሃ፣ ትንሽ ስኳር፣ ትንሽ ፕሮቲን፣ ትንሽ ዚንክ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ፕሮቲን የአንድ እንቁላልን አንድ አስረኛ እንኳን አይደርስም። ቆለጥ ደግሞ ከጉርምስና ጀምሮ እስከ እርጅና ሥራ አያቆምም። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ግን ሁልጊዜ በየደረጃው የሚበስል ስላለ ጎተራው አይጎድልም። ያልወጣውን ሰውነት ራሱ አፍርሶ መልሶ ይጠቀምበታል ወይም በህልመ ሌሊት ይወጣል። በአንድ ቀን ደጋግሞ የፈሰሰ ሰው መጠኑ ሊያንስበትና ሊቀጥንበት ይችላል፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ልጅ ለመውለድ የሚቸገር ሰው ዘሩን ሲያስመረምር ላቦራቶሪው ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅበህ ና የሚለውም ለዚህ ነው። የሚያልቅ ነገር ቢሆን ቀን አይበቃውም ነበር።

ያ እንቁላል ነጭ የመሰለው ነገርስ? እዚህ ላይ ነው በጣም የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ያመጣሁት ራሴ ነበርኩ። ፕሮስቴት ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተጠግቶ ነው የተቀመጠው። ደረቅ ሰገራ በምጥ ሲያልፍ ይጫነዋል፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽም ጠብ ይላል። እኔ ደግሞ ውሃ ትቼ፣ ራት ትቼ፣ በገብስ ቆሎና በደረቅ ዳቦ ስለምውል ሆዴ መድረቁ አይቀርም። ከመፍሰሱ ለመዳን ያደረግኩት ነገር ነው ያፈሰሰኝ።

ድካሙም እንደዚያው ነው። ሰባት ኪሎ የቀነሰ፣ በቀን አራት ሰዓት የሚተኛ፣ ብርድ ላይ መሬት የሚያድር ሰው ወገቡ ባያመው ነበር የሚገርመው። ልቤ የሚመታው በፍርሃት ነው። ሰሌዳው የሚደበዝዝብኝ በእንቅልፍ እጦትና በረሃብ ነው። በሽታው ዘር መፍሰሱ አልነበረም፣ ለዘር መፍሰስ ብዬ የፈጠርኩት ሕክምና ነው።

መድኃኒት አልሰጠኝም። ሁለት ሳምንት ሞክር አለኝ። ራት ብላ፣ ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠጣ፣ አልጋ ላይ ባናህን ለብሰህ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ተኛ፣ አላርሙን አጥፋው። መስመር ማስመሩን ተው፣ በእሱ ቦታ የተኛህበትን ሰዓትና የበላኸውን ጻፍ። ህልሙ ሲመጣ ይምጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወገብህን እንጠይቀዋለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም፣ ይህን ላልደብቅ። ህልመ ሌሊት በሦስተኛው ቀን መታኝ፣ ልቤ ድሮ እንደለመደው ዘለለ፣ እጄ ወደ እርሳሱ ሄደ። ወረቀቱን አውጥቼ ስሌቱን ደግሜ አየሁትና ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ሆዴ ለቀቀ፣ ሽንት ቤት ያ ነገር መውጣቱ ቆመ። በሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨመርኩ፣ ደረጃውን ስወጣ ልቤን መስማት ትቻለሁ። የወገቤ ህመም ግን ወር ሙሉ ቆይቶ ነው ቀስ በቀስ የተወኝ። ሁለት ህልመ ሌሊት በመካከል ነበር፣ ክብደቴን ምንም አላደረገውም።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ከጤና ጣቢያው ልወጣ ስል በሩ ላይ ያቆመኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፣ እሱንም ልንገራችሁ። እሁድ እሁድ ከልጆች ጋር በሬሳ ወንዝ ወርደን ገላችንን እንታጠባለን። እዚያ ራሴን ከሌሎቹ ጋር አወዳድሬ ትንሽ ነኝ፣ ሴጋው ነው ያሳነሰኝ ብዬ ደምድሜ ነበር። ጤና መኮንኑ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ብርድ ላይ ጡንቻው ስለሚሰበሰብ የማንም ያጥራል፣ ከዚያ ውሃ ሲወጣ የታየ ነገር መለኪያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሰው የራሱን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው፣ የሌላውን ግን ከጎን፣ ስለዚህ የራሱ ሁልጊዜ አጥሮ ይታየዋል። ሲለካም በላይ በኩል፣ ማስመሪያው አጥንቱን እስኪነካ ተጭኖ ነው። በኋላ ራሴ ያነበብኩት በ2015 (እንደ አውሮፓውያን) የወጣ ጥናት በሐኪም የተለኩ ከ15 ሺህ በላይ ወንዶችን ሰብስቦ ነበር፤ አማካዩ ሲቆም 13 ሴንቲ ሜትር፣ ሳይቆም 9 ገደማ ነው። ግለ ወሲብ አያሳንስም፣ የሚሸጠው ቅባትም አያሳድግም። ከዚህ ጉዳይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ስንት ጊዜ ነው ጤነኛ? ይህንንም ጠየቅኩት፣ ቁጥር እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነበር። አልሰጠኝም። አንዱ በወር አንዴ፣ ሌላው በየቀኑ፣ ሌላው ጭራሽ የለም፣ ሰውነት ሁሉንም ይችለዋል። የታቀበ ሰውም አይታመምም፣ መነኮሳቱ በሕይወት አሉ አለኝ። ጥያቄው ቁጥሩ ሳይሆን ነገሩ ትምህርትህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን ወስዶብህ እንደሆነ፣ ወይ ቆዳህን እስኪልጥ ደርሶ እንደሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ያ ሰው እርዳታ ቢጠይቅ ጥሩ ነው፣ ዘሩ ስላለቀ ግን አይደለም።

የሃይማኖቱ ነገር ለብቻው ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ህልመ ሌሊት በመታኝ ቀን አልቆርብም፣ የግለ ወሲቡንም ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። እሳቸው «ልጄ፣ ተኝተህ የመጣብህ አንተ ያደረግኸው አይደለም» ነው ያሉኝ፣ ስለሌላው ደግሞ የመከሩኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር። አንድም ቀን ግን ወገብህ ይቆረጣል አላሉኝም። ለወራት ሁለቱን አደባልቄ ነበር የኖርኩት፣ ኃጢአትን እንደ በሽታ፣ በሽታን እንደ ቅጣት።

አርባ ጠብታ የምትባለዋን ነገር ከየት እንደመጣች በኋላ ፈለግኩ። እንደ አውሮፓውያን በ1700ዎቹ ቲሶ የሚባል የስዊስ ሐኪም ዘር ማፍሰስ ከአርባ እጥፍ ደም ማፍሰስ የከፋ ነው ብሎ ጽፏል፣ ያኔ ስፐርም እንዴት እንደሚሠራ እንኳን በቅጡ አልታወቀም። ሕንድ ውስጥም ይኸው እምነት አለ፤ ሰው በሽንቴ ዘር እየፈሰሰ ነው፣ ደከመኝ፣ ቀጠንኩ እያለ ስለሚመጣ ሐኪሞቹ ዳት ሲንድሮም የሚል ስም አውጥተውለታል። የምልክቶቹን ዝርዝር ሳነበው የእኔን ደብተር ያነበብኩ መሰለኝ። ይህ ሁሉ ሰው ከእኔ ጋር ነበር ለካ።

ይህን ስል ከብልት የሚወጣ ነገር ሁሉ ጤና ነው እያልኩ አይደለም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ከወጣ፣ ሲሸና ካቃጠለ፣ በተለይ ያለ ኮንዶም ከተገናኙ በኋላ በቀናት ውስጥ ከሆነ፣ ያ ጨብጥ ሊሆን ይችላል፣ በመድኃኒት ይድናል፣ የተገናኛችሁት ሰውም አብሮ መታከም አለበት። ሽንት ወይም ዘር ውስጥ ደም ከታየ፣ ቆለጥ ላይ ጠጣር እብጠት ከተገኘ፣ ቆለጥ ድንገት አጥብቆ ካመመ መቆየት የለም፤ የመጨረሻው የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ተጠማዞ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ራት እየበሉ፣ እየተኙ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም ሳል ሁለት ሳምንት ከበለጠ፣ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነውና ይመርመር። የእኔ ዓይነቱ ግን ጥርት ያለ ነው፣ አያቃጥልም፣ የሚመጣው ሲያምጡ ነው፣ ሆድ ሲለሰልስ ይጠፋል።

ባለፈው ገና መንዝ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ፣ እሱም ሃያ ሞልቶታል፣ ገና ሳይነጋ ጓሮ ቁጭ ብሎ በበረዶ ውሃ ሙታንታውን ሲያጥብ አገኘሁት። ደንግጦ ጀርባው ደበቀው። ጣቶቹ ቀልተዋል። ማታ ራት አልበላም ብሎ አክስቴ ስትቆጣው ሰምቼ ስለነበር ወዲያው ገባኝ።

«ራት የተውከው ለዚህ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ብዙ ቆየና «ጋሼ፣ ያልቃል እንዴ?» አለኝ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩና በእንጨት መሬቱ ላይ 60 ብዬ ጻፍኩለት፣ በአርባ አባዛነው።